ፈርመን የተቀበልነው ዕቃ ያዘዝነው አይደለም

*ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የሥልጠና ተቋም ግዢ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት ሰኞ 120 ካርቶን ኤፎር ወረቀት ገባልን። ያዘዝነው ሁሉም ባለ 80 ግራም ነበር። ዕቃው ሲደርስ እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የስቶራችን ኃላፊ ጋሼ ካርቶኑን ቆጥረው፣ ፈርመው ተቀበሉ። ሐሙስ ዕለት የኅትመት ክፍሉ ልጅ «ወረቀቱ ሳስቷል፣ የጀርባው ጽሑፍ በፊት ለፊት ይታያል» ብሎ መጣ። ሄጄ ሳይ 40ው ካርቶን ባለ 70 ነው። የመጠቅለያው ቀለም አንድ ዓይነት ስለሆነ ጎኑ ላይ በትንሹ የተጻፈውን ቁጥር ካላነበቡ አይለይም። ከ40ው 6ቱን ተጠቅመንበታል። ኢንቮይሱ ግን የመጣው 120ውንም በባለ 80 ዋጋ አስልቶ ነው።*

*ለሻጩ ስደውልለት «ፈርማችሁ ተቀብላችኋል እኮ! ደግሞ 10 ግራም ምን አላት?» ብሎ ሳቀ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሲቸግረን በምሽት ዕቃ ልኮልን ያውቃል። አለቃዬ «ተይው፣ ከሰው አታጣዪን» ይላል። ፋይናንስ በሚቀጥለው ሐሙስ ሊከፍል ነው። ነገሩን ካነሳሁ ደግሞ ጋሼ እንዳይጠየቁ እፈራለሁ፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ነው የቀራቸው። ዝም ልበል ስል ውስጤ እሺ አይለኝም። ምን ላድርግ?*

*ከግዢ ክፍል*

እህቴ፣ ከፊርማው እንጀምር። ከሁሉ በላይ ያስፈራሽ እሱ መሰለኝ። ሰውዬውም ይህን ስለሚያውቅ ነው ቀድሞ እሱን የመዘዘው።

ዴሊቨሪ ኖት ላይ የሚፈረም ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው «ይህን ያህል ካርቶን ከመኪናው ወርዶ ተረክቤአለሁ» ነው። ሹፌሩ ሞተር ሳያጠፋ እየጠበቀ፣ 120 ካርቶን አንድ በአንድ ተከፍቶ ወረቀት ይመዘን የሚል የለም። ስለዚህ ነው የብዙ አገር የንግድ ሕግ ገዢው ዕቃውን ከተረከበ በኋላ የሚመረምርበት ጊዜ የሚሰጠው። ጋሼ የፈረሙት ለብዛቱ ነው። ብዛቱ ደግሞ ልክ ነው፤ 120 ተባለ፣ 120 ገባ።

ቢሆንም ሰነዱን አውጪና ራስሽ አንብቢው። በዕቃው መግለጫ ላይ ምን ተጽፏል? «ኤፎር ወረቀት፣ 120 ካርቶን» ብቻ ከሆነ ፊርማው ስለ ግራሙ የሚለው ነገር የለም። «ባለ 80» ብሎ ከጻፈ ደግሞ የገዛ ሰነዳቸው ላንቺ ይመሰክራል። የሚከብደው «80 ካርቶን ባለ 80፣ 40 ካርቶን ባለ 70» ብሎ ለይቶ ከጻፈ ነው። ያኔ በግልጽ ነግረዋችሁ ሳታዩት ቀርታችኋል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ የስቶር ሠራተኛ መቀበያው በር ላይ መፈረሙ ድርጅቱ ያወጣውን የግዢ ማዘዣ ይቀይራል ለማለት አይበቃም። ከፊርማው በላይ «መርምሬ በትዕዛዙ መሠረት ተረክቤአለሁ» የሚል የታተመ ዓረፍተ ነገር ካለም ክርክሩ ይጠነክርብሻል እንጂ አያልቅም። በተለይ ጉድለቱን በቀናት ውስጥ ካሳወቅሽ።

ቀኑ ላይ ግን አትዘናጊ። እ.ኤ.አ. በ1980 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ስምምነት፣ ገዢው ጉድለቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ በተገቢው ጊዜ ውስጥ የጉድለቱን ዓይነት ለይቶ ለሻጩ ካላሳወቀ በጉድለቱ የመከራከር መብቱን ያጣል ይላል። ስምምነቱ የወጣው ድንበር ለሚሻገር ንግድ ነው። አቅራቢያችሁ እዚያው ያላችሁበት አገር ከሆነ የሚዳኛችሁ የአገሩ ሕግና ውላችሁ ነው። ሐሳቡ ግን በብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው፤ ቶሎ ማሳወቅና ምን እንደጎደለ ለይቶ መናገር። የኢንቮይሱንና የዴሊቨሪ ኖቱን ጀርባም ገልብጠሽ እዪ። አንዳንድ አቅራቢ «ከ7 ቀን በኋላ ቅሬታ አንቀበልም» ዓይነት ነገር በደቃቁ አሳትሞ ያስቀምጣል። የስልኩ ወሬ ደግሞ ማሳወቂያ ሆኖ መቆጠሩ ያጠራጥራል፤ ቢቆጠርም ነገ ማን ያስታውሰዋል? ስለዚህ ጽሑፉ ዛሬ ይውጣ።

ከመጻፍሽ በፊት ግን ወደ ራሳችሁ ፋይል ተመለሺ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። የግዢ ማዘዣው ላይ «80 ግራም» የሚል በግልጽ ተጽፏል? ወይስ «እንደ በፊቱ ኤፎር ወረቀት» ተብሎ ነው የታለፈው? ማዘዣው ከወጣ በኋላ አቅራቢው የትዕዛዝ ማረጋገጫ ልኮ ነበር? ማረጋገጫው ላይ «ባለ 80 ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ሐረግ ገብቶ ማንም ሳይቃወም ካለፈ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አንድ ጥያቄ ደግሞ ለአለቃሽ አለሽ፤ «ባለ 80ው ስላነሰ የተወሰነውን በ70 እናሟላው ብሎ የደወለልዎት አለ?» ብለሽ ጠይቂው። እንዲህ ዓይነቱ ስምምነት አንዳንዴ በስልክ ላይ ያልቅና ግዢ ክፍል ሳይሰማ ይቀራል። «ተይው» ያለው ከዚህ የተነሳ ከሆነ አሁኑኑ ብታውቂው ይሻልሻል፤ ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ከሻጩ አፍ መስማት ያሳፍራል።

ፋይሉ ንጹሕ ከሆነ ወደ ስቶር ውረጂ። የቀሩት 34 ካርቶኖች ለብቻቸው ይቀመጡ። «እንዳይነካ» የሚል ወረቀት ይለጠፍባቸው፤ የኅትመት ክፍሉም ይነገረው። ነገሩን በጽሑፍ ካነሳሽ በኋላ አንድ ካርቶን እንኳ ብትከፍቱ «ተስማምቷችሁ ነው የተጠቀማችሁት» የሚል መልስ በራሳችሁ እጅ ሰጣችሁት ማለት ነው። የ6ቱ ነገር አያስጨንቅሽ። ሳታውቁ ነው የተጠቀማችሁት፤ ይህንኑ እንዳለ ትጽፊዋለሽ።

ቀጥሎ ወረቀቱን መዝኑት። ጎኑ ላይ የታተመው ቁጥር ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ሚዛን ሲጨመርበት ግን «መጠቅለያው ላይ ስህተት ታትሞ ይሆናል» የሚል ሰው አፉን ይይዛል። ስሌቱ ቀላል ነው። 80 ግራም የሚባለው አንድ ካሬ ሜትር የሚሆነው ወረቀት ክብደት ነው። አንድ ኤፎር የካሬ ሜትር 16ኛ ስለሆነ ባለ 80ው አንዱ ቅጠል 5 ግራም ገደማ ይመዝናል። 500 ቅጠል ያለው አንድ ደስጣ እንግዲህ 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። የባለ 70ው ደስጣ 2 ኪሎ ከ180 ግራም አካባቢ ይመጣል። የ300 ግራም ልዩነት ተራ የኩሽና ሚዛን ላይም ይታያል።

መጠቅለያውን አውልቃችሁ መዝኑ፤ እሱም የራሱ ክብደት አለው። ካልተነኩት ካርቶኖች ውስጥ ሦስቱን፣ ከዳር ከመሃልም፣ ለናሙና ክፈቱና ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ደስጣ አውጡ። ከባለ 80ውም ለማነጻጸሪያ አንድ ጨምሩ። እያንዳንዱ ሚዛን ላይ እንዳለ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ካርቶኑ ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍና የምርት ቁጥሩንም አንሱ። ወረቀት እርጥበት ስለሚስብ ክብደቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፋብሪካውም የተወሰነ መቶኛ ወዲህ ወዲያ ይፈቀድለታል። ከ80 ወደ 70 ግን 12 ከመቶ ተኩል ነው። በእርጥበት አይሳበብም።

ይህን ስትሠሪ ጋሼን አብረሽ አቁሚያቸው። የጻፍሽውን ሁለቴ ሳነበው ከወረቀቱ በላይ የሚያሳስቡሽ እሳቸው ናቸው። ዝም ካልሽ ይጠበቃሉ ብለሽ ይሆናል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። ከወራት በኋላ ኦዲተር መጥቶ ገቢ የሆነው ወረቀት ከማዘዣው ጋር አልገጥም ቢለው መጀመሪያ የሚያየው የማንን ፊርማ ነው? ዛሬ ከተነሳ ግን በሰነዱ ላይ የሚነበበው «በተቀበልን በጥቂት ቀን ልዩነቱን ደርሰንበት አሳወቅን» የሚል ነው። ሌላ ሰው ሳይነግራቸው አንቺ ሄደሽ «ጋሼ፣ እርስዎ ቆጥረው የተቀበሉት ልክ ነው፤ ግራሙ ላይ ልዩነት አግኝተናልና አብረን እንመዝነው» በያቸው። የምዘናውን ወረቀት ሁለታችሁም ፈርሙበት። ለወደፊቱ ደግሞ ሲፈርሙ ጎኑ ላይ «ብዛቱ ብቻ ተቆጥሯል፣ ይዘቱ አልተመረመረም» ብለው በእጃቸው ቢጽፉ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ሹፌር አይከለክልም።

አሁን ወደ ሻጩ። አጭበርብሮን ይሆን የሚለው ሐሳብ ሳይመጣብሽ አልቀረም። ሊሆን ይችላል። ግን ያንቺኑ ስቶር ያሳሳተ መጠቅለያ የእነሱንም ስቶር ሊያሳስት ይችላል፤ ዕቃ ጫኙ ከተሳሳተው መደርደሪያ 40 ካርቶን አንስቶ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግሽም። ማዘዣው ይህን ይላል፣ የገባው ይህ ነው፤ በቃ። «ሆን ብላችሁ» የሚል ቃል ከገባ ሰውዬው ስለ ወረቀቱ መነጋገሩን ትቶ ክብሩን ወደ መከላከል ይሄዳል።

ከመላክሽ በፊት ደውይለት። ይህን ያህል ለቆየ ግንኙነት የሚገባው ነው፤ ኢሜይሉ ዱብ ዕዳ አይሁንበት። «የመዘንበትን ልልክልህ ነው፣ ፋይናንስ ስለሚፈልገው በጽሑፍ መሆን አለበት» በይው። ሲስቅ አብረሽ ሳቂ፤ ኢሜይሉን ግን ላኪ። ለሱ ብቻ ሳይሆን ለሒሳብ ክፍላቸውም ግልባጭ ይድረስ፤ ኢንቮይሱን የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፦

> በግዢ ማዘዣ ቁጥር (…) 120 ካርቶን ባለ 80 ግራም ኤፎር ወረቀት አዘን፣ በ(ቀን) በዴሊቨሪ ኖት ቁጥር (…) 120 ካርቶን ተረክበናል። ስንመረምረው 40 ካርቶኑ ባለ 70 ግራም ሆኖ አግኝተነዋል። የምዘናው ውጤትና ፎቶ ተያይዟል።
>
> ልዩነቱ ከመታወቁ በፊት 6 ካርቶን ተጠቅመንበታል። 34ቱ ለብቻ ተቀምጠዋል፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።
>
> የምንጠይቀው፦ 34ቱ በባለ 80 ግራም በእናንተ ማጓጓዣ እንዲቀየሩልን፣ ለ6ቱ ደግሞ በባለ 80 እና በባለ 70 ዋጋ መካከል ላለው ልዩነት ክሬዲት ኖት እንዲሰጠን ነው። ያልተከራከርንበትን ክፍያ በቀኑ እንፈጽማለን። መልሳችሁን እስከ (ቀን) እንጠብቃለን።

ከዚህ በላይ አታስረዝሚው። «በጣም አዝነናል»፣ «ከእናንተ አንጠብቅም ነበር» የሚለው ይቅር።

ክፍያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አቅምሽም አደጋሽም ያለው እዚያ ነው። ሐሙስ ሙሉውን ብትከፍሉ መብታችሁ አይጠፋም፤ ግን ስልክ የሚያነሳላችሁ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ምንም ባትከፍሉ ደግሞ ያልተጣላችሁበት 80 ካርቶን አለ፤ ለሱ የማይከፍል ገዢ ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል። ስለዚህ ለዩት። ለስሌት እንዲቀል የባለ 80ው ካርቶን ዋጋ 100፣ የባለ 70ው 90 ነው እንበል። ኢንቮይሱ 12,000 ይላል። ሐሙስ የሚከፈለው የ80ው ካርቶን 8,000 እና የተጠቀማችሁበት የ6ቱ 540 ነው፤ በድምሩ 8,540። የ34ቱ 3,400 ቅያሪው ሲገባ ይከፈላል። የቀረችው 60 በክሬዲት ኖት ትነሳለች። ታክስ ካለ በዚያው ልክ ይስተካከላል። የባለ 70ውን ዋጋ ከራሳችሁ አታውጡ፤ ከሱ የዋጋ ዝርዝር ወይም ከድሮ ፕሮፎርማው ውሰዱ።

ፋይናንሶችን ሁለት ነገር ለምኛቸው። አንደኛ፣ ውሉ ላይ «በክርክር ምክንያት ክፍያ አይያዝም» የሚል አንቀጽ አለመኖሩን ይዩ። ካለ ሙሉውን ከፍላችሁ፣ «በቅሬታ እንደተጠበቀ» ብላችሁ ጽፋችሁ ነው የምትከራከሩት። ሁለተኛ፣ ኢንቮይሱን በእስክሪብቶ ሰርዘው አያርሙት። ወይ የተስተካከለ ኢንቮይስ ወይ ክሬዲት ኖት ከአቅራቢው ይምጣ። ማዘዣው፣ የዕቃ መቀበያው ሰነድና ኢንቮይሱ ሦስቱም አንድ ነገር ካልተናገሩ ሒሳቡ ሲመረመር ጥያቄው ወደናንተው ነው የሚመለሰው።

ምን ብሎ ይመልሳል? ከልምዴ ስገምት ሁለት መልስ ይጠብቅሻል። አንዱ «ጥራቱ ያው ነው» ነው። አትከራከሪው። እናንተ ማኑዋል በፊትና በጀርባ ነው የምታትሙት፤ የጀርባው ጽሑፍ የታየበትን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት። ባንድ ገጽ ብቻ ለሚያትም ቢሮ ባለ 70ው እውነትም ምንም አይለውም፤ ለናንተ ሥራ ግን አይሆንም። ወደ ሁለተኛው መልስ እንሂድ፤ «በቀጣዩ ትዕዛዝ እክሳችኋለሁ» ይልሻል። አለቃሽ ይህን ይወደዋል ብዬ እፈራለሁ። መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ በቃል ሲቀር ነው መጥፎ የሚሆነው። ሻጭ ሥራ ይቀይራል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ካሣው ተረስቶ ይቀራል። «ደስ ይለናል፤ ክሬዲት ኖቱን ዛሬ ላክልንና በቀጣዩ ትዕዛዝ እናወራርደዋለን» በይው። እውነቱን ከሆነ አይከብደውም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ይህን ከአለቃሽ ጋር መክሩበት። 34ቱን ካርቶን ለደብዳቤና ለባንድ ገጽ ሥራ ልትጠቀሙበት ትችሉ ይሆን? ከሆነ መመለስ ሳያስፈልግ 40ውንም በባለ 70 ዋጋ አስቀንሳችሁ መያዝ ትችላላችሁ። እሱም የማጓጓዣ ወጪ ይድናል፣ እናንተም ወረቀት ሳታጡ ትቆያላችሁ። ለማኑዋሉ የሚጎድለውን ባለ 80 ግን እንደገና ማዘዝ ይኖርባችኋል፤ የሚቀጥለው ሥልጠና መቼ እንደሆነ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ለአለቃሽም ነገሩን እንዲህ ብታቀርቢለት የሚቀለው ይመስለኛል። «እንጣላ ወይስ እንተወው» ብለሽ ሳይሆን «እንቀይር ወይስ ዋጋ እናስቀንስ» ብለሽ ጠይቂው። ሰውዬው በምሽት ዕቃ የላከላችሁን ውለታም አትካጂው፤ በስልኩ ላይ አንሺለት። የኢንቮይሱ ጉዳይ ግን ለብቻው ነው።

የሰጠሽው ቀን ካለፈና መልስ ካልመጣ ያንኑ ኢሜይል ለአለቃው አስተላልፊ፤ አዲስ ቁጣ አትጨምሪበት። ከዚያም በኋላ ዝም ካሉ 34 ካርቶን ባለ 80 ከሌላ ገዝታችሁ የዋጋ ጭማሪውን ልትጠይቋቸው ትችሉ ይሆናል። ይህን ግን የሕግ ሰው ሳታማክሩ፣ አስቀድማችሁም በጽሑፍ ሳታስጠነቅቁ አታድርጉት። ለ34 ካርቶን ወረቀት ጠበቃ ይያዝ ወይ ከተባለ፣ እኔ ብሆን አልይዝም። ክርክሩን በያዛችሁት ክፍያ እጨርስና ቀጣዩን ማዘዣ ለሌላ አቅራቢም ፕሮፎርማ አስጠይቄበት አወጣዋለሁ።

እሺ ብሎ ቅያሪ ከላከ ደግሞ ሹፌሩ 34ቱን ጭኖ ዝም ብሎ እንዳይሄድ። ስንት ካርቶን፣ ስንት ግራም፣ በየትኛው ማዘዣ እንደወጣ የሚገልጽ የመመለሻ ሰነድ ይፈርም። ለናሙና የከፈታችኋቸውን ሦስቱንም ደስጣቸውን መልሳችሁ ቁጠሩና እዚያው ላይ ጻፉ። አዲሱ ሲወርድ ጋሼ ከየመደዳው አንድ ካርቶን ጎኑን ያንብቡ፣ አንድ ደስጣም ሚዛን ላይ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ይፈርሙ።